ዘጠኝ ቃላት ያሏት ዓረፍተ ነገር

ድሬዳዋ ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። ግማሽ ያህሉ ቤታቸው አማርኛ ነው የሚያወሩት። የቀሩት ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ይናገራሉ፤ አማርኛን የለመዱት ከሰፈር ጓደኛና ከትምህርት ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት 15 የንባብ ጽሑፎች አዘጋጀሁ። አንዳንዶቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ናቸው፣ አንዳንዶቹን ደግሞ እኔ ጽፌ ፎቶ ኮፒ ያስደረግኳቸው ናቸው። በሳምንት አንድ ጽሑፍ። ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ቀላል የቱ ነው? እዚህ ላይ ብዙም አላሰብኩም። የየጽሑፉን ቃላት ቆጠርኩና ከአጭር ወደ ረጅም ደረደርኳቸው። ሥራው አንድ ምሽት እንኳ አልፈጀብኝም።

በዚህ አደራደር ስለ እርሻ የሚያወራ 74 ቃላት ያሉት ጽሑፍ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደቀ። 230 ቃላት ያሉት የጅብ ታሪክ ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ 15ኛው ሳምንት ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ልጆቹ የእርሻውን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ። ብዙም አልተደናቀፉም። ደስ አለኝ። ከዚያ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ «ገበሬው ትናንት ከገበያ የገዛውን ያልተገራ በሬ የጠመደበት ቀንበር ተሰበረ።» ምን ተሰበረ ብዬ ጠየቅኩ። ዝም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «በሬው» አለ። ሌላዋ «ገበሬው» አለች። ሌሎቹ ጠረጴዛቸውን ያያሉ።

በማግስቱ እንደገና አስነበብኩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። የአንድ ሳምንቱ ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ሊበላ ደረሰ። ከሁሉም በላይ የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ቲቸር፣ እኔ ላንብብ!» ሲሉኝ የነበሩ ልጆች እጃቸውን ማውጣት አቆሙ። በተለይ አንድ ልጅ ነበር፤ ስጠራው መጽሐፉን ፊቱ ላይ ይደግን ጀመር። አንድ ጽሑፍ ያለቦታው ሲገባ የሚጎዳው የዚያን ሳምንት ትምህርት ብቻ አይደለም። ልጁ ንባብ የሚባለውን ነገር ራሱን ይሸሻል።

አራተኛው ሳምንት ላይ ለአስቸኳይ ጉዳይ ቢሮ ተጠራሁ። ልጆቹን «እስክመጣ ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ወረቀት የፈለጋችሁትን አንሥታችሁ አንብቡ» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ አንዱ ጥግ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው። የያዙት የጅቡን ታሪክ ነው፤ ለ15ኛው ሳምንት ያስቀመጥኩትን! ያ መጽሐፉን ፊቱ ላይ የሚደግነው ልጅ እያነበበ ነው፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተሻሙ ተረኩልኝ።

ያን ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ መምህራን ክፍል ተቀመጥኩ። የጅቡ ታሪክ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ግን ሐረር ከኛ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ ሐረር አክስት አላቸው፣ አያት አላቸው። ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ጅብ በእጁ የሚያበላውን ሰው ያየ አለ፤ ያላየም ሲወራ ሰምቷል። ጽሑፉ ውስጥ «ጅቡ ቀስ ብሎ ቀረበ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣውን ግማሹን ከራሳቸው ያመጡታል። ሞፈርና ቀንበር፣ ድግርና እርፍ ግን ለከዚራና ለሳቢያን ሰፈር ልጅ ምን ናቸው? ክፍሌ ውስጥ ቀንበር በዓይኑ ያየ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። አራት እጅ ወጣ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር አሉ። ወረቀቶቹን ሳሳያቸው እርሳስ አወጡና ያችን የቀንበር ዓረፍተ ነገር ያሰምሩባት ጀመር። «ልጄ፣ ቃሉን አትቁጠሪ» አሉኝ። «ማን ምን አደረገ የሚለውን ቁጠሪ።»

ቆጠርነው። ገበሬው በሬ ገዛ፤ አንድ። በሬው አልተገራም፤ ሁለት። ገበሬው በሬውን ጠመደ፤ ሦስት። ቀንበሩ ተሰበረ፤ አራት። በዘጠኝ ቃላት ውስጥ አራት ነገር ታጭቋል። ሦስቱ ደግሞ በራሳቸው አልቆሙም፤ «የገዛውን»፣ «ያልተገራ»፣ «የጠመደበት» ተብለው ከሌላ ቃል ፊት ተለጥፈዋል። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልጁ ሁሉንም ተሸክሞ እስከ «ተሰበረ» ድረስ መጓዝ አለበት። የተሰበረው ነገር ራሱ ስሙ የሚጠራው ከመጨረሻው ቃል አጠገብ ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ሸክሙን ጥሎታል። የሚያስታውሰው በመጀመሪያ ያገኘውን ገበሬና መሀል ላይ ያገኘውን በሬ ነው። ለዚህ ነው መልሱ «በሬው» እና «ገበሬው» የሆነው። ልጆቹ ሰንፈው አልነበረም።

የጅቡን ታሪክ ደግሞ ስናይ አብዛኛው ዓረፍተ ነገር አንድ ወይም ሁለት ድርጊት ብቻ ነው ያለው። «ጅቡ መጣ። ሰውየው ሥጋውን ዘረጋ።» ሁለት መቶ ሠላሳ ቃል ቢሆንም በየአራት በየአምስት ቃሉ ማረፊያ አለው።

በመሀል አንድ ሌላ ነገር ሞክሬ ነበር። የአንዱን ቃል የፊደል ብዛት መቁጠር። ረጅም ቃል የበዛበት ጽሑፍ ከባድ ይሆናል ብዬ ነው። ይህንንም አትሞክሩት። «አልነገረችኝም» ስምንት ፊደል ነው፤ ግን ማንኛውም ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ይለዋል። «እርፍ» ሦስት ፊደል ነው፤ ክፍሌ ውስጥ የሚያውቀው የለም። አማርኛ አንድ ግስ ላይ አድራጊውንም፣ ተቀባዩንም፣ አሉታውንም ይደርባል። ስለዚህ የቃል ርዝመት ስለ ክብደት የሚነግረን ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ አደራደሩን ከባዶ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከካርቶን አንድ ካርድ ቆረጥኩ። ፊት ለፊቱ ላይ ርዕሱን ጻፍኩ። ጀርባው ላይ ሦስት ነገር፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁሉ የበዛው ድርጊት ስንት ነው፣ ልጆቹ የማያውቋቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው፣ ስለ ጉዳዩ ከቤትና ከሰፈር ያመጡት እውቀት አለ ወይ። የመጨረሻውን «አለ»፣ «ትንሽ»፣ «የለም» ብዬ ብቻ መዘገብኩ።

ነጥብ ሰጥቼ ልደምር አስቤ ነበር። ተውኩት። ስድስት የማይታወቅ ቃል ከአንድ አራት ድርጊት ካለው ዓረፍተ ነገር ይከብዳል ወይ? ማን ያውቃል። ከዚያ ይልቅ ሁለት ሁለት ካርድ አንሥቶ ማወዳደር ይሻላል። «ነገ ጠዋት ክፍሉ ብቻውን ቢያነብ የትኛው ይቀለዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአንድ ጽሑፍ ከአሥር ስንት ትሰጪዋለሽ ብባል እወላውላለሁ። ከሁለት የቱ ይቀላል ብባል ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው እመልሳለሁ።

ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማወዳደር ግን አያስፈልግም፤ 15 ካርድ ሁለት ሁለት እየሆነ ከተነጻጸረ 105 ጊዜ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት ካርድ ጠረጴዛው ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሦስተኛውን አነሣና ቦታውን እፈልግለታለሁ። ካርዶቹ እየበዙ ሲሄዱ አዲሱን ካርድ መጀመሪያ ከመሀለኛው ጋር አወዳድራለሁ። ከእሱ ከከበደ ከበላይ ካለው ግማሽ መሀል፣ ከቀለለ ከበታች ካለው ግማሽ መሀል። 15ኛው ካርድ እንኳ ቢበዛ በአራት ጥያቄ ቦታውን ያገኛል። ጠቅላላው ቢበዛ 45 ጥያቄ ነው። ቡና እየተፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሁን በጣም የጠቀመኝን ልንገራችሁ። የኔን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፍኩና ካርዶቹን በውዤ ለጋሼ ሰጠኋቸው። የኔን ሳያዩ በራሳቸው ደረደሩ። 11ዱ ላይ ተቀራርበናል፤ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው የተለያየነው። አራቱ ላይ ግን በጣም ተራራቅን። አንዱን ግጥም እኔ ሦስተኛ፣ እሳቸው 12ኛ ላይ አስቀምጠውታል። እዚህ ላይ አልተከራከርንም። ሁለት መምህራን የማይስማሙበትን ጽሑፍ ልጆቹ ይፍረዱት ብለን ተውነው። 15ቱንም መፈተን ጊዜ አይበቃም። አራት ግን ይቻላል።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ልጅ ለብቻው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በእረፍት ሰዓት። የጽሑፉን የመጀመሪያ 50 ቃላት ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ በሌላ ቅጂ ላይ የተሳሳተውን ቃል በእርሳስ አሰምራለሁ። ራሱ ተመልሶ ያረመውን አልቆጥርም። ከዚያ ቀሪውን በዝምታ ያነብና ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። አንዱ ምን ተፈጠረ የሚል ነው። ሁለተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር አገናኝቶ የሚመለስ ነው። ሦስተኛው የአንድ ቃል ትርጉም ነው። ከ50 ቃል ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከተሳሳተ ጽሑፉን ብቻውን ይዘልቀዋል። ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ ከኔ እርዳታ ጋር ይሆናል። ከአምስት በላይ ከሆነ ጊዜው ገና ነው።

እዚህም ሦስት ስሕተት ሠራሁ። እናንተ አትድገሟቸው።

የመጀመሪያው፣ ጎበዞቹን ጠራሁ። ልማድ ሆኖ ዓይኔ የሄደው ወደ ፊት ወንበር ነው። ሁሉም አራቱንም ጽሑፍ ያለችግር ዘለቁት። ምንም አልተማርኩም። ከዚያ ሌሎች አምስት ልጆች መረጥኩ። ሦስቱ መሀከለኛ፣ አንዷ ቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር፣ አንዱ ቤቱ ሶማሊኛ የሚናገር። ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ስለ ግመል የሚያወራው ጽሑፍ እኔን 13ኛ ያሰኘኝ ነበር። ሶማሊኛ ተናጋሪው ልጅ እንደ ውሃ ጠጣው፤ ጽሑፉ ውስጥ የሌለም ጨመረልኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ በዚሁ ልጅ ላይ ነው። «ጠ»ን ወደ «ተ» አስጠግቶ ያነባል። ሶማሊኛ ውስጥ «ጠ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ ነው። እኔ በየቦታው ስሕተት ብዬ አሰመርኩበት። ስምንት ስሕተት ሆነ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ጠየቅኩት፤ ሦስቱንም በትክክል መለሰ። አፈርኩ። ያሰመርኩት አነጋገሩን እንጂ ንባቡን አልነበረም። የአነጋገር ልዩነትን ከስሕተት አትቁጠሩ። ከቆጠራችሁ ልጁ የሚችለውን ጽሑፍ ትከለክሉታላችሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው። የንባብ ስሕተት ቆጠራውን በጣም አምኜው ነበር። ፊደላችን የተጻፈውን እንዳለ የሚያስጠራ ነው። ሀሁን በደንብ የለየ ልጅ የማያውቀውን ቃል እንኳ ጥርት አድርጎ ያነባል። «ድግር» የሚለውን ቃል ምንም ሳይሳሳት ያነባል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳይደናቀፍ ሲያነብ ያታለለኝ ይህ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ከስሕተቱ ቁጥር ይልቅ የጥያቄዎቹን መልስ አብልጣችሁ እመኑ። ዜሮ ስሕተት ሆኖ ከሦስት ጥያቄ አንድ ብቻ የመለሰ ልጅ ካገኛችሁ ጽሑፉ ከብዶታል ማለት ነው።

አንድ ጆሮ ሰጥታችሁ የምትሰሙት ምልክት ግን አለ። ማጥበቅና ማላላት። ፊደላችን ይህን አይጽፍም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «አልደረሰም» ለማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «ውሃ አለ» ጠብቆ ሲነበብ ውሃው መኖሩ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ሰውየው «ውሃ» ብሎ መናገሩ ነው። ትክክሉን የሚመርጠው ዓረፍተ ነገሩ የገባው ልጅ ብቻ ነው። «ለገና የሚሆን ልብስ ገና አልገዛንም» የሚለውን አንዲት ልጅ ሁለቱንም አጥብቃ አነበበች። ወረቀቱ ላይ አንድም ፊደል አልሳተችም፤ ትርጉሙ ግን አምልጧታል። ሌላው ልጅ ሁለቱንም አጥብቆ አነበበ፣ ቆም አለ፣ ተመልሶ ሁለተኛውን አላላ። ያ መመለስ ወርቅ ነው። ልጁ እያሰበ ነው የሚያነበው።

ግጥሙን በተመለከተ ጋሼ ትክክል ነበሩ። ከአምስቱ ልጆች አራቱ ቤት ሲመታ ደስ ብሏቸው በዜማ አነበቡት፤ ስለ ምን እንደሆነ የነገረኝ ግን አንድ ብቻ ነው። ወደ 12ኛ አወረድኩት።

ቅደም ተከተሉ ተጠናቀቀ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ቀረ። ስለ ባቡር ሦስት ጽሑፎች ነበሩኝ። አንዱ ምድር ባቡር ይሠሩ ስለነበሩ አያት የሚያወራ ነው፤ አራተኛ ላይ ነበር። ሁለተኛው ሐዲዱ ለምን ሐረር እንዳልወጣ ያስረዳል፦ ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ደረሰ፣ ድሬዳዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። እሱ ዘጠነኛ ነበር። ሦስተኛው የእንፋሎት ባቡር እንዴት እንደሚሄድ ያብራራል፤ 14ኛ ነበር። እንደ ካርዶቹ ከሄድኩ በመሀከላቸው አራት አራት ሳምንት ይገባል።

አንድ ሴክሽን ላይ እንደዚያው በካርዱ መሠረት አስተማርኩ። የማስተምረው ሌላ ሴክሽን ላይ ሦስቱን ተከታታይ አደረግኳቸው፤ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ሳምንት። ሁለተኛው ሴክሽን የእንፋሎቱን ጽሑፍ በስድስተኛው ሳምንት ያለብዙ እርዳታ አነበበው። «ሐዲድ»፣ «ፉርጎ»፣ «ጣቢያ»፣ «ዳገት» የሚሉትን ሁለት ጊዜ አግኝተዋቸው ስለነበር አዲስ የቀሩት ቃላት ሦስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ሴክሽን በ14ኛው ሳምንት ሲያገኘው ብዙዎቹን ቃላት ረስቷቸው ነበር። ሁለት ሴክሽን ብቻ ስለሆነ ትልቅ ማስረጃ አልለውም። ግን ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ነው የምሠራው። የአንድ ጽሑፍ ክብደት ወረቀቱ ላይ ብቻ የለም፤ ከፊቱ ምን እንደተነበበም ይወስነዋል። ካርዶቹን ከደረደራችሁ በኋላ በጉዳይ የሚቀራረቡትን ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት አድርጋችሁ አጠጋጉ። ከእያንዳንዱ ከባድ ቡድን በኋላ ደግሞ አንድ ቀላል ጣል አድርጉ። መሥመሩ ቀጥ ያለ ዳገት ካልሆነ አትጨነቁ። ከሰዓት ፈረቃ ላይ የምታስተምሩ ከሆነ በተለይ ይህችን ቀላል ጽሑፍ አትርሱ፤ የድሬ ሙቀት በስምንት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ።

ያችን የቀንበር ጽሑፍ ምን አደረግሻት ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮቿን ሰባብሬ ላቀልላት ነበር። «ገበሬው ትናንት በሬ ገዛ። በሬው አልተገራም ነበር። ጠመደው። ቀንበሩ ተሰበረ።» ጋሼ ከለከሉኝ። «ሁሉን ሰባብረሽ ከሰጠሻቸው ያልተሰበረውን መቼ ይማራሉ?» አሉኝ። ስለዚህ ጽሑፉ እንዳለ ቀረ፤ ቦታው ብቻ ወደ 11ኛ ሳምንት ሄደ። ከእሱ በፊት በዘጠነኛውና በአሥረኛው ሳምንት ስለ ገጠር ሕይወት ሁለት ቀለል ያሉ ጽሑፎች ገቡ። ሞፈሩና ቀንበሩ እዚያ በሥዕል ተዋወቁ።

አምና 11ኛው ሳምንት ላይ አራቱን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ በአራት መሥመር ጻፍኩ። ልጆቹ ራሳቸው ወደ አንድ እንዲያጣብቋቸው ጠየቅኩ። ሦስት ቡድን «የገዛውን»ን አገኙ። አንድ ቡድን «የጠመደበት»ን ሲያገኝ ጩኸቱ ጎረቤት ክፍል ተሰማ። ከዚያ ወረቀቱን አደልኩና ምን ተሰበረ ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን ሳታወጣ «አቦ ቲቸር፣ ቀንበሩ ነዋ!» አለች።

ካርዱን አሁንም አለኝ። ጀርባው ላይ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ተጽፏል፦ «2ኛ ሳምንት፤ ጨርሶ አልሆነም።» «11ኛ ሳምንት፤ ሰሌዳው ላይ ከተጣበቀ በኋላ ሆነ።» ዘንድሮ የጨመርኩት ደግሞ «ዘጠነኛው ላይ የእርፍ ሥዕል ይጎድላል።»